የቤት ወጪዎን በመጋቢት ይለኩት

«በደብረ ብርሃን ከተማ ቅቤ፣ ዓይብና እንቁላል እሸጣለሁ። ሁለት ልጆቼን የማሳድገው ብቻዬን ነው። የ2017ን ትርፍ በየወሩ በደብተር መዝግቤ ነበር። ደምሬ ለ12 ሳካፍለው በወር 23,000 ብር ወጣኝ፤ ከኅዳር 2018 ጀምሮም የቤቴን ወጪ በ23,000 ልክ አደረግሁት። ሶፋ በየወሩ በሚከፈል ገዛሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባው ወንድሜም በየወሩ 2,000 ብር ቃል ገባሁ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ግን ከሱቁ ዋና 18,000 ብር በልቼ ተገኘሁ። ለፋሲካ የምሸጠውን ቅቤ ጥሬ ገንዘብ ስላነሰኝ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ፣ በውድ ዋጋ ወሰድሁ። ሒሳቡን ደጋግሜ አየሁት፤ አልተሳሳትሁም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? በሳምንት 500 ብር የምጥለውን እቁብስ ልተወው? ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን»

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብተርዎን ገልብጠው ስለላኩልን እናመሰግናለን። እውነትም ማካፈሉ ላይ አልተሳሳቱም። በ2017 ከግዢ፣ ከማጓጓዣና ከሱቅ ኪራይ በኋላ የቀረዎት ትርፍ እንደሚከተለው ነው። መስከረም 36,000፣ ጥቅምት 25,000፣ ኅዳር 20,000፣ ታኅሣሥ 22,000፣ ጥር 27,000፣ የካቲት 19,000፣ መጋቢት 12,000፣ ሚያዝያ 38,000፣ ግንቦት 28,000፣ ሰኔ 18,000፣ ሐምሌ 17,000፣ ነሐሴ ከጳጉሜን ጋር 14,000። ድምሩ 276,000 ነው፤ ለ12 ሲካፈል 23,000።

ነገር ግን አማካይ ገቢ የሚባል ገንዘብ በእጅዎ ገብቶ አያውቅም። ከ12ቱ ወራት በአንዱም 23,000 ብር አላገኙም፤ ወይ በልጧል ወይ አንሷል። አማካዩን መኖር የሚቻለው የበለጠው ካነሰው ቀድሞ ሲመጣና የበለጠውም እስከዚያ ሳይነካ ሲቆይ ብቻ ነው። የእርስዎን ቁጥሮች ይዘን እንፈትነው። ይህንኑ የ23,000 ብር ኑሮ በመስከረም ቢጀምሩት ኖሮ ከመስከረም 13,000፣ ከጥቅምት 2,000 ተርፎ 15,000 ይዘው ኅዳር ይገባሉ። ከዚያ እየጎደለ፣ በጥር ጥቂት እየሞላ ሄዶ መጋቢት ሲያልቅ ልክ ዜሮ ላይ ይደርሳሉ፤ ዕዳ ግን የለብዎትም። በሰኔ ቢጀምሩት ደግሞ በሰኔ 5,000፣ በሐምሌ 6,000፣ በነሐሴ 9,000 ይጎድላል፤ አዲሱ ዓመት ሲብት 20,000 ብር ዕዳ ውስጥ ነዎት። ሰውዋ አንድ፣ ሱቁ አንድ፣ አማካዩ አንድ፤ የተለየው የተጀመረበት ወር ብቻ ነው። እርስዎ የጀመሩት በኅዳር ነው፤ የመስከረም ትርፍ ቀድሞ ወጥቶ አልቋል፣ ከፊትዎ ያለው ደግሞ ጾም ነው። የ2017 ቁጥር እንዳለ ቢደገም እንኳ በመጋቢት መጨረሻ 15,000 ብር ይጎድልዎት ነበር።

የጎደለው ለምን 18,000 እንደሆነና ለምን ቀድሞ እንደመጣ የሚነግረን የጾሙ አቆጣጠር ነው። ይህንን እርስዎ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ ነገር ግን ከሒሳብ ደብተርዎ ጋር አላገናኙትም። በ2017 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነበር። ስለዚህ የካቲት ቅበላን ጨምሮ ከግማሽ በላይ የፍስክ ገበያ ነበረው። በ2018 ጾሙ የካቲት 9 ገባ። ከየካቲት የፍስክ ገበያ ስምንት ቀን ተቀነሰ፤ ክትፎ ቤቶቹም ከእርስዎ መግዛት ያቆሙት በዚያው ልክ ቀድመው ነው። በ2016 ደግሞ ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ ፋሲካም ሚያዝያ 27 ዋለ። የደመወዝተኛ ወር በየዓመቱ ያው ነው፤ የቅቤ ነጋዴ ወር ግን በባሕረ ሐሳብ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት የካቲት 19,000 አምጥቶልኛል» ብሎ በዘንድሮው የካቲት ላይ መመካት አይቻልም። ዝቅተኛ ወርዎ በጾሙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚውለው 30 ቀን ነው። በ2017 ያ 30 ቀን ከመጋቢት ጋር ስለገጠመ ቁጥሩን በንጹሕ አግኝተነዋል፤ 12,000 ብር ነው።

እንግዲህ የቤትዎ በጀት የሚሠራው በዚህ 12,000 ላይ ነው። ይህን ስንል ዓመቱን ሙሉ እንደ መጋቢት ይኑሩ ማለታችን አይደለም፤ ወደዚያ እንመለሳለን። ሱቁ ሸጠ አልሸጠ በየወሩ መምጣቱ የማይቀር ክፍያ ሁሉ ተደምሮ ከ12,000 አይለፍ ማለታችን ነው። በደብዳቤዎ የዘረዘሩትን ስንደምር የቤት ኪራይ 3,500፣ ቀለብ 5,600፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያ 1,400፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 600፣ ሳሙናና መጓጓዣ 700፣ ዕድር 100 ነው። ድምሩ 11,900 ይሆናል፤ ለጥቂት ተርፏል። ይህ ዕድል ነው። ብዙ ጠያቂዎቻችን ይህንን ሒሳብ ሲሠሩ የግድ የሚሉት ወጪ ራሱ ከዝቅተኛው ወር ይበልጥባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በመስከረምና በጥር ካተረፈው ላይ የሚጎድለውን ቁጥር አስቀድሞ ማስቀመጥ አለበት። ጉድለቱ በወር 2,000 ከሆነና ጾሙ ሁለት ወር ገደማ ከቆየ 4,000 ብር ከቅበላ በፊት ተቆጥሮ መቀመጥ አለበት። በጾሙ መካከል ከየትም አይመጣም።

የእርስዎን በጀት ያፈረሰው ምግቡም ኪራዩም አይደለም። በጥሩ ወር የተገባ ወርሃዊ ቃል ነው። ለሶፋው 2,500፣ ለወንድምዎ 2,000፣ ለእቁቡ ወደ 2,000 ገደማ፤ እነዚህ ሦስቱ ብቻ 6,500 ብር ናቸው። ሦስቱም መጥፎ ነገሮች አይደሉም። ክፋታቸው በመስከረም አቅም ተቆርጠው በመጋቢትም መምጣታቸው ነው። ሥጋ በጥሩ ወር ይበሉ፣ ልጆቹን ያልብሱ፤ ይህ ተበልቶና ተለብሶ ያልቃል፣ የሚቀጥለውን ወር ምንም አይጠይቀውም። በየወሩ የሚከፈል ነገር ግን ገቢው ሲቀንስ አብሮ አይቀንስም። ስለዚህ ከ12,000 በላይ ባመጣ ወር አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር እንጂ በየወሩ የሚመላለስ ነገር አይግዙ።

ወንድምዎን በተመለከተ ቃልዎን አይጠፉት፤ መልኩን ይቀይሩት። በየወሩ 2,000 ማለት በዓመት 24,000 ነው። ግማሹን ከመስቀል በኋላ፣ ግማሹን ከፋሲካ በኋላ በአንድ ጊዜ ይላኩለት፣ ምክንያቱንም ይንገሩት። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ 12,000 ብር ለስድስት ወር ማብቃቃት ይችላል። ባይችል እንኳ ችግሩ የእርስዎ ሱቅ ችግር አይሆንም። እርግጥ ነው፣ ታላቅ እህት ለሆነ ሰው ይህንን መናገር እንደሚከብድ እናውቃለን። ሶፋው የቀረው ሁለት ክፍያ ነው ብለዋልና ጨርሰው ይገላገሉት።

አሁን ገንዘቡ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንነጋገር፤ በወረቀት ላይ የተሠራ በጀት የሚፈርሰው ሱቅ ውስጥ ነውና። ለራስዎ ደመወዝ ይክፈሉ፤ በየሳምንቱ 2,800 ብር። በመጋቢትም 2,800፣ በመስከረምም 2,800። በወር 12,000 ገደማ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ ውጭ ከሱቁ መሳቢያ ለቤት አንድ ብር አይወጣም፤ ለቤት የሚወሰደው እንቁላልና ቅቤም በገዙበት ዋጋ ተጽፎ ከደመወዙ ይቀነሳል። ይህ የመጨረሻው ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን በቀን አምስት እንቁላል በወር 150 እንቁላል ነው፤ የተመዘገበ ትርፍ መስሎ የተበላውም ይኸው ነው። ወሩ ሲያልቅ ከደመወዙ በላይ የተረፈው በሌላ የባንክ ሒሳብ ይግባ። የሱቁ ዋና ከሚንቀሳቀስበት ሒሳብ የተለየ ይሁን፤ በስልክ ለመላክ የማይመች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ትርፍ ብለው የሚጽፉትም እጅዎ የገባውን ብቻ ይሁን። ለክትፎ ቤቶች በዱቤ የሰጡትን ቅቤ በሸጡበት ቀን ትርፍ አድርገው መዝግበውታል። ክትፎ ቤቱ ግን በጾም ሲዘጋ ለእርስዎ ያለበትንም አብሮ ይዘጋዋል። ዝቅተኛው ወር ሽያጩን ብቻ ሳይሆን ዱቤ መሰብሰቡንም ይመታል። ከጥር አጋማሽ በኋላ ለሥጋ ነክ ቤቶች ዱቤ አይስጡ። የሚከፋው ካለ ይከፋ፤ ፋሲካ ሲመጣ ለጋ ቅቤ ፍለጋ ተመልሶ ይመጣል።

አማካይ ላይ የተሠራ በጀት ለሌላው ነጋዴ ሁሉ መጥፎ ነው፤ ለቅቤ ነጋዴ ግን ከመጥፎም በላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ የእርስዎ ዝቅተኛ ወር የሚያልቀው የዓመቱ ትልቁ ገበያ በር ላይ ነው። በጾሙ መካከል ፈላጊው ስለሚቀንስ ከገጠር የሚመጣ ቅቤ ዋጋው ይረግባል፤ በዓሉ ሲቃረብ ይወጣል። በጾሙ የመጨረሻ ሳምንታት ጥሬ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ ከባለቅቤዋ በቀጥታ፣ መርጦ፣ ተከራክሮ ይገዛል። ገንዘብ የሌለው ጅምላ ነጋዴ ጋር ሄዶ የተሰጠውን ይቀበላል። የእርስዎን 18,000 እንደ ምሳሌ እንውሰደው። ቅቤ በኪሎ 900 ብር ቢገዛ ያ ገንዘብ 20 ኪሎ ነበር። በኪሎ 100 ብር ቢያተርፉበት 2,000፤ በበዓሉ ሰሞን ሦስት ጊዜ ቢያገላብጡት 6,000። በዱቤ ሲወስዱት ያንን ትርፍ ከጅምላ ነጋዴው ጋር ተካፈሉት። ስለዚህ የመጋቢት ጉድለት 18,000 ብር ብቻ አይደለም፤ የሚያዝያን ትርፍም ይዞት ሄዷል። ዝቅተኛው ወር ላይ መመሥረት የሚያስፈልገው ቤቱ እንዳይራብ ብቻ ሳይሆን ሱቁ ለዚያ ሳምንት ሙሉ ዋናውን ይዞ እንዲደርስ ነው።

ዋናው እየተበላ መሆኑን አስቀድሞ የሚያሳይ አንድ ምልክት አለ፤ በብር ሳይሆን በኪሎ መቁጠር ነው። ቅቤ በኪሎ 800 በነበረ ጊዜ 40,000 ብር ዋና 50 ኪሎ ያመጣል። ዋጋው 1,000 ሲገባ ያው 40,000 ብር 40 ኪሎ ብቻ ነው። ደብተሩ ዋናው አልተነካም ይላል፤ ሱቁ ግን አንድ አምስተኛውን አጥቷል። በወሩ መጨረሻ ሱቅዎ ውስጥ ያለውን ቅቤና እንቁላል፣ በእጅዎ ያለውንም ገንዘብ በዕለቱ የመግዣ ዋጋ ወደ ኪሎ ቀይረው ይጻፉት። ያ ቁጥር በሁለት ወር በተከታታይ ከቀነሰ ደመወዝዎ በዝቷል ማለት ነው፤ መሳቢያው ውስጥ የብር ኖት ቢታይም አይመኑት። በዚሁ ምክንያት 12,000 ራሱ የዘላለም ቁጥር አይደለም። የዋጋ ንረት ቀለብዎንም ትርፍዎንም ስለሚቀይረው ከየፋሲካው በኋላ አዲሱን ጾም አይተው ይከልሱት። ሲከልሱ በሐዘን ወይም በሕመም ሱቅ ዘግተው የዋሉበትን ወር ዝቅተኛ ብለው አይውሰዱት። እኛ የምንፈልገው ተመላሽ የሆነውን፣ እንደሚመጣ የታወቀውን ዝቅታ ነው። ለድንገተኛው ሌላ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ ይህ በጀት ለዚያ አይበቃም።

የ2019ን ጾም ካሁኑ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ያስምሩበት። የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። እንግዲህ የካቲት ከሞላ ጎደል ፍስክ ነው፣ ሠርጉም ቅበላውም በውስጡ ነው፤ ደስ የሚል ወር ይሆናል። ሚያዝያ ግን እስከ 23 ጾም ስለሆነ በ2017 በወሩ ሁለተኛ ሳምንት ያዩት ገበያ የሚመጣው በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ነው። በየካቲት የሚተርፈውን በሙሉ ሁለት ወር ለሚጠጋ ዝምታ እንደሚያስፈልግ ቆጥረው ያስቀምጡት።

መጀመሪያው ግን ዛሬ ነው፣ ግንቦት ላይ ነን። በደመወዝዎ ብቻ ከተወሰኑ የግንቦት ትርፍ እንደ አምናው ከሆነ 16,000 ብር ይቀራል። እቁቡና የሶፋው ክፍያ ሲወጣ 11,500፤ ይህ ሁሉ ወደ ሱቁ ዋና ይመለስ። በሰኔ 1,500፣ በሐምሌ 3,000 ሊጨመርበት ይችላል። ይሁንና በሐምሌ የንግድ ግብር ይከፈላል፣ የልጆቹ ምዝገባም ይመጣልና የሐምሌን አይተማመኑበት። ነሐሴ ፍልሰታ ስላለበት ደመወዝዎንና እቁብዎን ከሸፈነ ይበቃዋል። ቀሪውን የሚሞላው መስከረም ነው። ከመስከረም ትርፍ ላይ አስቀድሞ የተበላው 18,000 ይሟላ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

እቁቡን አይተዉት። ለነጋዴ ዋናን በአንድ ጊዜ የሚያሳድግለት እቁብ ነው፤ በመካከል መውጣትም ከሰው ጋር ያጣላል። የሚቀየረው የሚከፈልበት ኪስ ነው። እቁቡ ከ2,800 ደመወዝዎ ውስጥ አይውጣ፤ ከትርፉ ይውጣ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት ይባል፤ ስምንት ጊዜ 500 ደግሞ 4,000 ነው። ይህንን 4,000 ብር ከቅበላው ሳምንት በፊት ለብቻው አስቀምጠው ወደ ጾሙ ይግቡ። ይኼኛው ዙር ሲያልቅ ደግሞ ዳኛውን ያነጋግሩና በሚቀጥለው በግማሽ ዕጣ ይግቡ፤ ሌላውን ግማሽ የሚይዝ ሰው አይጠፋም። ዕጣው በጾሙ መጨረሻ ላይ ለደረሰው ሰው ተራ ለመለዋወጥ ይጠይቁት፤ እሱ ገንዘቡን በመስከረም የሚፈልግ ልብስ ሻጭ ሊሆን ይችላል፣ እርስዎ ደግሞ ለጋ ቅቤ የሚገዙበት ሳምንት ያ ነው።